ኦአርኤስ ሰጥቼው ተቅማጡ ለምን አልቆመም?

ጥያቄ፦ «የ11 ወር ልጄን ከትላንት ወዲያ ጀምሮ እንደ ውሃ የሆነ ተቅማጥ ያስቀምጠዋል፣ ያስመልሰዋልም። ኦአርኤስ ገዛሁና ብዙ ስለማይጠጣ ወፈር ይበልለት ብዬ አንዱን ፓኬት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ በጥብጬ ሰጠሁት፣ ተቅማጡ ግን ጭራሽ ባሰበት። ባለፈው ሳምንት ሲመዘን 8.6 ኪሎ ነበር፣ ዛሬ 8 ኪሎ ሆነ። አይኑ ጎድጎድ ብሏል፣ ይነጫነጫል፣ ውሃ ሲያይ ይንጠራራል። ጎረቤቶቼ ኦአርኤስ ለትንሽ ተቅማጥ ነው፣ ክሊኒክ ወስደሽ ግሉኮስ አሰኪለት ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ጠርሙሱ ውስጥ የቀረውን ድፊው። አዲስ ፓኬት ውሰጂና ጀርባው ላይ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ አንብቢ፣ አብዛኛው ለ1 ሊትር ነው ግን ለግማሽ ሊትርም ለ200 ሚሊ ሊትርም የሚሰሩ አሉ። ለ1 ሊትር የሚል ከሆነ የአንድ ሊትር ሃይላንድ ሙሉውን ንጹህ እቃ ውስጥ ገልብጪና ፓኬቱን ሙልጭ አርገሽ ጨምረሽ በጥብጪ፣ ከዛ በሻይ ማንኪያ በየሁለት ደቂቃው አንድ አንድ እየሰጠሽው ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። የቀረውን ወረፋ ላይ ሆነሽ አንብቢው፣ ግን ማንኪያውን እንዳትረሺ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ጎረቤቶችሽም አንቺም የተሳሳታችሁት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ኦአርኤስ ተቅማጥ ማቆሚያ ነው ብላችሁ ነው የጠበቃችሁት። አይደለም። ተቅማጡ ራሱ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ነው የሚያመጣው፣ ጊዜውን ጨርሶ በራሱ ነው የሚሄደው፣ ሳምንትም ሊቆይ ይችላል። በዛ መሃል ልጅን የሚገድለው ተቅማጡ ይዞት የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ኦአርኤስ የሚሰራው የወጣውን መተካት ነው። ስለዚህ መስራት አለመስራቱን ዳይፐሩን አይተሽ አታውቂም፣ ልጁን አይተሽ ነው የምታውቂው፣ ሽንቱ መጣ ወይ፣ ጥማቱ ቀነሰ ወይ፣ አይኑ ሞላ ወይ፣ ሚዛኑ ተመለሰ ወይ። ገና እየጠጣ እያለ አንዴ ሁለቴ በደንብ ቢያስቀምጠው እንኳ በአፍ የገባው ከወጣው ከበለጠ እያተረፍሽ ነው።

እንዴት ነው በታመመ አንጀት ውስጥ በአፍ የገባ ውሃ ወደ ደም የሚያልፈው የሚለውን ትንሽ ረጋ ብዬ ላስረዳሽ፣ ምክንያቱም ይሄ ከገባሽ ለምን ማወፈር እንደማይቻል፣ ለምን ለስላሳ እንደማይሆን፣ ለምን የሚሰካው ግሉኮስ እንደማያስፈልገው ሁሉም ከዛው ነው የሚወጣው።

በጤና ጊዜም ቢሆን አንጀት ውስጥ የሚፈሰው የምንጠጣው ብቻ አይደለም። ምራቅ አለ፣ የጨጓራ ፈሳሽ አለ፣ ሀሞት አለ፣ ከቆሽት የሚመጣ አለ፣ በትልቅ ሰው ሲደመር በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ይደርሳል። ከዛ ሁሉ ከሰገራ ጋር የሚወጣው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ ሌላው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። የሚገርመው ሰውነታችን ለውሃ ብሎ የሰራው ፓምፕ የለውም። ውሃ ሶዲየምን ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ሶዲየም ማለት የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ነገር ነው። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ሶዲየሙን ከአንጀት ወደ ደም ካሻገሩት ውሃው ይከተላል፣ ካላሻገሩት ውሃው እዛው አንጀት ውስጥ ይቀርና በታች ይወጣል። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ሶዲየም ወደ ሴሉ የሚገባባቸው መንገዶች ደግሞ ከአንድ በላይ ናቸው። ተቅማጥ ሲመጣ ዋናው የጨው መግቢያ ይዘጋል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ክሎራይድ የሚባለው የጨው ሌላኛው ግማሽ ከሴሉ ወደ አንጀት የሚወጣበት ቀዳዳ ይከፈታል፣ ክሎራይዱን ሶዲየም ይከተላል፣ ሶዲየሙን ውሃ። ኮሌራ ላይ ይሄ በጣም ይጎላል፣ አተት በሚባለው ወረርሽኝ ጊዜ ሰው በሰአታት ውስጥ እንደዛ የሚደርቀው ለዚህ ነው፣ የባክቴሪያው መርዝ ቀዳዳውን ከፍቶ ይተወዋል። ሮታ ቫይረስ ትንሽ ይለያል፣ እሱ መምጠጫ የሆኑትን የአንጀት ጸጉር መሳይ ጫፎች ይጎዳቸዋል፣ ግን ሁሉንም አይደለም፣ በቦታ በቦታ ነው፣ ደህና የቀሩት ስራቸውን ይቀጥላሉ። በዚህ ሰአት ልጅሽን ባዶ ውሃ ብቻ ብታጠጪው ሶዲየም የሚያሻግርለት ስለሌለ አብዛኛው በታች ይሄዳል፣ ጨው ያለበት ውሃ ብቻ ብትሰጪውም ዋናው መግቢያ ተዘግቷል።

ግን አንድ መንገድ አይዘጋም። ባለሙያዎች ኤስጂኤልቲ-ዋን ይሉታል፣ በትንሹ አንጀት ሴሎች ፊት ላይ የተተከለ አጓጓዥ ፕሮቲን ነው። ሳይሞላ የማይንቀሳቀስ ታክሲ እንደማለት ነው፣ ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ ካልተሳፈረበት አይነሳም። ጨው ብቻውን ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስኳር ብቻውን ቢመጣም እንደዛው፣ አብረው ሲመጡ ግን ይዟቸው ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል። የኮሌራ መርዝ ሌላውን ሁሉ ሲያበላሽ ይሄን አይነካውም። ከዛ ሴሉ በጀርባው በኩል ኃይል የሚበላ ፓምፕ አለው፣ ሦስት ሶዲየም ወደ ደም በኩል እያወጣ ሁለት ፖታሲየም ያስገባል፣ ሴሉ ውስጥ ሶዲየም ሁሌም ትንሽ እንዲሆን የሚያደርገው እሱ ነው፣ ፊት ለፊት ያለው አጓጓዥም የሚሰራው ያ ልዩነት ስላለ ነው። ግሉኮሱ በሌላ በር ወደ ደም ያልፋል፣ ሶዲየሙ አለፈ፣ ውሃው ተከተለ። አለቀ።

ስለዚህ ኦአርኤስ ውስጥ ያለው ስኳር ለጉልበት አይደለም፣ እንዲጣፍጥም አይደለም። ጨውን ለማሳለፍ ነው። በሊትር 13.5 ግራም ብቻ እኮ ነው፣ ለጉልበት ቢሆን ምንም አይባልም። ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው እንደሚገቡ ሮበርት ክሬን የሚባል ሳይንቲስት በ1960 ፕራግ ላይ ካቀረበ በኋላ ዳካና ካልካታ ያሉ ሀኪሞች የኮሌራ በሽተኞች ላይ ሞከሩት፣ በ1971 ደግሞ በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ድንበር ላይ ቦንጋኦን የሚባል የስደተኛ ካምፕ ውስጥ የሚሰካ ፈሳሽ ሲያልቅ ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨውና ግሉኮስ በበርሜል አስበጥብጦ በቤተሰብ እጅ በኩባያ ማጠጣት ጀመረ። እዛ ከ100 በሽተኛ 30 ያህሉ ይሞት የነበረው ወደ 4 ገደማ ወረደ። ይሄን የማነሳው «ለትንሽ ተቅማጥ ነው» ስላሉሽ ነው። የተፈተነው ከሁሉ በከፋው ተቅማጥ ነው፣ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ፣ በቤተሰብ እጅ።

አሁን ወደ አንቺ ጠርሙስ እንመለስ። ከ2002 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሚመክሩት ፓኬት 20.5 ግራም ነው፣ ጨው 2.6፣ ግሉኮስ 13.5፣ ፖታሲየም ክሎራይድ 1.5፣ ሲትሬት 2.9 ግራም። ይሄ በአንድ ሊትር ሲሟሟ ሶዲየሙም ግሉኮሱም በሊትር 75 ሚሊሞል ይሆናሉ፣ እኩል ለእኩል። ሁሉም የሟሟው ነገር አንድ ላይ ሲቆጠር ደግሞ 245 ይመጣል፣ የደም 290 አካባቢ ነው። አየሽ፣ ሆን ተብሎ ከደም ቀጠን እንዲል ነው የተሰራው፣ ውሃ ቀጠን ካለው ወደ ወፈረው ስለሚሄድ ከአንጀት ወደ ደም ለመሄድ ቁልቁለት ያገኛል። ድሮ የነበረው ፓኬት 311 ነበር፣ ከደም ወፈር ይል ነበር ማለት ነው፣ ሲያቀጥኑት የተቅማጡ መጠንም ትውከቱም ቀነሰ፣ የሚሰካ ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸው ልጆች ቁጥርም በሲሶ ያህል ወረደ። ማቅጠን ነው የጠቀመው፣ ማወፈር አይደለም።

ፓኬትሽ ለ1 ሊትር የሚለው ከነበረ፣ አንቺ ግማሽ ሊትር ውስጥ ስትጨምሪው 245ቱ 490 ሆነ። ከደም በጣም የወፈረ ነገር አንጀት ውስጥ ሲገባ ውሃው በተቃራኒው ከደም ወደ አንጀት ይሳባል፣ «ጭራሽ ባሰበት» ያልሽው ከዚህ ሊሆን ይችላል፣ በሽታው ራሱ እየገፋም ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱን ከዚህ ሆኜ መለየት አልችልም። የሚያሳስበኝ ግን ሌላው ነው፣ ሶዲየሙ 150 ሆነ፣ የልጅ ደም ውስጥ መሆን ያለበት ከ135 እስከ 145 ነው። የደረቀ ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ሲጠጣ የደሙ ሶዲየም ሊወጣ ይችላል፣ ያ ሲሆን ከአንጎል ሴሎች ሳይቀር ውሃ ይወጣል፣ ልጁ በጣም ይጠማዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከባሰ ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ ጤና ጣቢያ ስትደርሺ መጀመሪያ የምትነግሪያቸው «ፓኬቱን በግማሽ ሊትር በጥብጬ ይሄን ያህል ጠጥቷል» የሚለውን ነው፣ እንዳይቆጡኝ ብለሽ እንዳትደብቂ። ላቦራቶሪው ካለ ሶዲየሙን ያዩለታል። ይሄን ስትሰሚ ደግሞ ደንግጠሽ ለማካካስ ብለሽ ባዶ ውሃ በላይ በላዩ እንዳታጠጪው፣ የወጣ ሶዲየም በፍጥነት ሲወርድ ያንንም አንጎል አይወደውም። በትክክል የተበጠበጠ ኦአርኤስ ቀስ እያለ በማንኪያ፣ ከጡት ጋር፣ ለዚህም መፍትሄው እሱ ነው።

በነገራችን ላይ በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ፣ ፓኬቱ እንዲበረክት ብለው ለሁለት ሊትር ያደርጉታል፣ ወይ ግማሹን ፓኬት ዛሬ ግማሹን ነገ። በጣም ሲቀጥን የሚተካው ጨው አነሰ ማለት ነው፣ ግማሽ ግማሽ ሲደረግ ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ ጨውና ስኳሩ እኩል ስለማይካፈል ማን ምን እንደደረሰው አይታወቅም። አንድ ፓኬት ለታዘዘለት ውሃ፣ በቃ። ስኳርም ማርም ጁስም አይጨመርበትም፣ ማር እንደውም ከአንድ አመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ አይሰጥም።

ለስላሳን ለብቻው ላንሳው፣ «ጋዙን አውጥተን ሰጠነው» የሚሉ እናቶች ብዙ ስለሆኑ። አብዛኛው ለስላሳ በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም አካባቢ ስኳር አለው፣ በሊትር ሲሆን 100 ግራም፣ ከኦአርኤሱ 13.5 ጋር አስተያዪው። ሶዲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። አጓጓዡ ሶዲየም ካላገኘ ስኳሩን አይወስድለትም፣ የተረፈው ስኳር አንጀት ውስጥ ቁጭ ብሎ ውሃ ይስባል፣ ተቅማጡ ይብሳል። ጋዙ አይደለም ችግሩ።

«ግሉኮስ ይሰካለት» የሚለው እኛ ሀገር በጣም የተለመደ ነገር ነው፣ ሰውም ካልተሰካለት የታከመ አይመስለውም፣ አንዳንድ የግል ክሊኒክም ይሄን ስለሚያውቅ ይሰካል። ግን 5 በመቶ ግሉኮስ የሚባለው ፈሳሽ ሶዲየም የሚባል የለውም። ደም ስር ውስጥ ሲገባ ስኳሩን ሴሎች ይወስዱታል፣ የሚቀረው ባዶ ውሃ ነው፣ እሱም ደም ስር ውስጥ አይቆይም፣ ይበተናል። ለደረቀ ልጅ ብቻውን የሚሰካ ፈሳሽ አይደለም፣ የሶዲየም መዛባት ያመጣል እንጂ። በእውነት መሰካት ያለበት ልጅ ሲመጣ የምንሰጠው ሪንገር ላክቴት ነው፣ እሱ ከሌለ ኖርማል ሳላይን፣ ሁለቱም ሶዲየም ያላቸው። ስለዚህ ክሊኒክ ሄደሽ «ግሉኮስ ስካልኝ» አትበይ፣ «ምን ያህል ደርቋል?» ብለሽ ጠይቂ።

ልጅሽ ምን ያህል ደርቋል? ከጻፍሽው ላስላው። 8.6 ነበር፣ 8 ሆነ፣ ሚዛኖቹ ልክ ከሆኑ 600 ግራም ወርዷል፣ ከክብደቱ 7 በመቶ ማለት ነው፣ በሁለት ቀን የወረደ ክብደት ደግሞ ስብ አይደለም፣ ውሃ ነው። አይኑ መጎድጎዱ፣ መነጫነጩና ውሃ ሲያይ መንጠራራቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል፣ መካከለኛ ድርቀት የምንለው ነው። ለዚህ ደረጃ ህክምናው በአፍ ነው፣ ልኩም በኪሎ 75 ሚሊ ሊትር በ4 ሰአት ውስጥ፣ ለእሱ 8 ሲባዛ በ75፣ 600 ሚሊ ሊትር። ከወረደው 600 ግራም ጋር እኩል መምጣቱን ልብ በይ፣ ሁሌም እንዲህ ባይገጥምም ልኩ የተሰራው ለዚህ ነው። 600ን ለ4 ሰአት ስታካፍይው በሰአት 150 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ስለሆነች በሰአት 30 ማንኪያ፣ ማለትም በየሁለት ደቂቃው አንድ። መጀመሪያ ላይ ያልኩሽ ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ለማለት ያህል አይደለም። ይሄን አራት ሰአት ጤና ጣቢያ፣ የኦአርኤስ ማጠጫ ቦታቸው ላይ ሆነሽ ብታሳልፊው ነው የምፈልገው፣ ባለሙያ እያየው፣ ሲያልቅ ተመዝኖ እንደገና እንዲገመገም።

ትውከቱን በተመለከተ፣ ያስመልሰዋል ብለሽ እንዳትተዪ። ብዙውን ጊዜ የሚያስመልሰው ጠምቶት በኩባያ ሲሰጠው ገልብጦ ስለሚጠጣው ነው፣ ሆዱ በአንዴ ሲሞላ ይመልሰዋል። ካስመለሰ 10 ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ፣ በየሦስት ደቂቃው አንድ ማንኪያ አርጊው። ካስመለሰው ውስጥም የተወሰነው ቀድሞ አልፏል፣ ሁሉም አልወጣም። በጡጦ አትስጪው፣ ፍጥነቱን መቆጣጠር አትችዪም፣ ጡጦው ራሱ ደግሞ ካልተቀቀለ ሌላ ተቅማጥ ነው። ቀዝቀዝ ያለውን የሚወድ ልጅ አለ፣ ጣዕሙን ሳትነኪ ማቀዝቀዝ ይቻላል። ልጅ ጨዋማውን እየጠላ ከመጣ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው፣ የደረቀ ልጅ አይጠላውም፣ ሲጠግብ ነው ፊቱን የሚያዞረው።

ጡት አይቆምም። ይሄ ላይ ድርድር የለም፣ በአራቱ ሰአት ውስጥም ሲፈልግ ይጥባ። ምግብም ከአራቱ ሰአት በኋላ ይጀመር፣ የለመደውን ገንፎውን፣ ሩዙን፣ ድንቹን፣ ሙዝ ደግሞ ፖታሲየም ስላለው ጥሩ ነው። «አንጀቱ ይረፍ» ብሎ ማስራብ የሚጎዳው መልሰው ማደግ ያለባቸውን እነዛኑ የአንጀት ሴሎች ነው። ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ከሁለት አመት በታች ስለሆነ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ኦአርኤስ ትሰጪዋለሽ፣ አንድ ሲኒ ቡና 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ ስለሚይዝ ሲኒ ለሲኒ ተኩል ብለሽ ያዢው። የተበጠበጠው 24 ሰአት ካለፈው ይደፋል፣ ቢተርፍም።

ፓኬት የማይገኝበት ቦታ ላይ ላሉ፣ በቤት የሚሰራው በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው፣ ማንኪያው በቢላ ጀርባ ለስልሶ፣ ሳይከመር። የቤት ስኳር ግሉኮስና ሌላ ስኳር ተጣብቀው የተሰራ ነው፣ አንጀት ላይ ይለያያሉና ግሉኮሱ ያንኑ ስራ ይሰራል። ጨው በጣት ቁንጥር እየተባለ ሲጨመር ግን አልወደውም፣ የሰው ጣት እኩል አይደለም፣ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይደፋ። ፖታሲየምና ሲትሬትም የለውም፣ ፖታሲየም ከተቅማጥ ጋር ብዙ የሚወጣ ነገር ነው። ቀጠን ያለ የሩዝ ውሃ ወይ አጥሚት ትንሽ ጨው ተጨምሮበት ይሰራል፣ ስታርቹ ቀስ እያለ ወደ ግሉኮስ ስለሚፈርስ አንጀት ውስጥ አይወፍርም። ግን አንቺ ከተማ ነሽ፣ ፋርማሲ አለሽ፣ ይሄ ላንቺ መንገድ ላይ ካልሆነ አያስፈልግሽም።

ኦአርኤስ የማይችለውም አለ፣ እሱን ሳልናገር ባልፍ ትክክል አይሆንም። ከ25 ልጅ አንዱ ገደማ በአፍ አይሳካለትም፣ የሚሰካ ያስፈልገዋል። ልጁ ከፈዘዘ፣ ስትጠሪው ካልነቃ፣ መጠጣት ካቃተው ወይ ደክሞት በጭንቅ ብቻ የሚጠጣ ከሆነ፣ ሆዱ ላይ በእምብርቱና በጎኑ መሃል ቆዳውን ቆንጥጠሽ ስትለቂው ለመመለስ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከፈጀ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ፣ ይሄ ከባድ ድርቀት ነው፣ የደም ዝውውሩ ስለደከመ አንጀቱም ራሱ መምጠጥ አይችልም፣ ወዲያው ሆስፒታል። ቆዳው ቶሎ ተመለሰ ብለሽ ግን ብቻውን እንዳትጽናኚበት፣ ሶዲየሙ የወጣ ልጅ ቆዳው እንደ ሊጥ ስለሚሆን ያታልላል። ሆዱ ተነፍቶ አንጀቱ ከቆመም በአፍ መስጠት ይቆማል። ሰገራው ደም ካለው ኦአርኤሱ ይቀጥላል ግን ለብቻው ሌላ ህክምና አለው። በጣም አልፎ አልፎ ደግሞ ግሉኮሱን ራሱ መምጠጥ ያቃተው ልጅ ይገጥመናል፣ በትክክል የተበጠበጠ ኦአርኤስ በሰጠሽው ቁጥር ተቅማጡ በግልጽ ይጨምራል፣ ስታቆሚ ይቀንሳል፣ ያኔ አቁመን እንሰካለታለን። ያንቺን ግን በትክክል የተበጠበጠውን ሳትሞክሪ እንዲህ ልትይው አትችይም። በጣም የከሳ ልጅ፣ ወይ ሁለት እግሩ ያበጠ፣ ያ ሌላ አያያዝ ነው፣ ኮሌራ ካልሆነ በስተቀር ሶዲየሙ የቀነሰ ፖታሲየሙ የጨመረ ሪዞማል የሚባል አለ፣ እሱም ጤና ተቋም ውስጥ ነው።

ሰዎች ምናልባት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ይሉሽ ይሆናል። 11 ወር ላይ ሁሉም ልጅ ጥርስ እያወጣ ነው፣ ተቅማጥ የያዘውም ያልያዘውም። ድዱን እንዳታስነኪ፣ እንጥሉንም።

ፍላጂል በራስሽ ገዝተሽ አትስጪው፣ ቫይረስ ላይ ምንም አያደርግም፣ የሚያስመልስ ልጅ ላይ ደግሞ ማቅለሽለሽ ይጨምራል። ሎፐራማይድ የሚባለው ተቅማጥ ማቆሚያ ለዚህ እድሜ ፈጽሞ አይሰጥም፣ አንጀቱን ያቆመዋል፣ ውሃው እዛው ውስጥ ተጠራቅሞ ይቀራል፣ ዳይፐሩ ደረቅ ሲሆን የዳነ ይመስልሻል። ዚንክ ግን ይስጡሽ፣ ካልሰጡሽ ጠይቂ፣ ከ6 ወር በላይ ስለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ አንድ ፍሬ፣ በማንኪያ ውሃ ወይ በታለበ ጡት ሟሙቶ፣ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም 10 ቀን ሙሉ። ዚንኩን የሚያስመልሰው ከሆነ ከኦአርኤሱ አራት ሰአት በኋላ ጀምሪለት።